በስሙ ያልተጠራው ሰርቨር፤ ከቅርንጫፍ ሆኖ በዋናው ቤት ኮምፒዩተር መሥራት በድንገት ስለሚከለከልበት ምክንያት

አንድ የሕንፃ መሣሪያ አስመጪ ንግድ ቤት ዋና ጽሕፈት ቤቱን በአዲስ አበባ በመርካቶ አካባቢ አድርጎ፣ ዕቃው ከጅቡቲ ተነሥቶ በሚያርፍበት በሞጆ ደረቅ ወደብ አጠገብ ደግሞ አንዲት ክፍል ተከራይቶ አንዲት የሒሳብ ጸሐፊ አስቀምጧል። የጸሐፊዋ ሥራ የሚደርሰውን ዕቃ ከማሸጊያው ዝርዝር ጋር ማመሳከር፣ የጉምሩክ አስተላላፊው የሚጠይቀውን ወረቀት ማቅረብና የገባውን ዕቃ ወዲያው በመዝገብ ማስፈር ነው። መዝገቡ ግን በሞጆ የለም። የዕቃው ዝርዝር፣ የግዢው ዋጋና የባንክ ሰነዶች ቅጅ ሁሉ የሚገኘው በመርካቶው ቤት በተቀመጠ አንድ ሰርቨር ውስጥ ነው። ስለዚህ ጸሐፊዋ በየጧቱ ኮምፒዩተሯን ትከፍትና በቪፒኤን በኩል ከዋናው ቤት ኔትወርክ ጋር ትገናኛለች፤ ከዚያም ሪሞት ዴስክቶፕ የሚባለውን መስኮት ከፍታ በሰርቨሩ ፊት እንደ ተቀመጠች ሆና ትሠራለች። ይህ አሠራር አራት ዓመት ያህል ያለ እንከን ሄደ።

በአንድ ዓርብ ጧት፣ ከጧቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ቪፒኤኑ እንደ ወትሮው ከተገናኘ በኋላ ጸሐፊዋ የለመደችውን ምልክት ብትነካ፣ የይለፍ ቃሏንም ብትጽፍ፣ መስኮቱ በመከፈት ፈንታ ይህን ጽሑፍ አወጣ፦

```
An authentication error has occurred.
The function requested is not supported

Remote computer: 192.168.10.15
This could be due to CredSSP encryption oracle remediation.
```

በዚያን ዕለት ሁለት ኮንቴይነር በደረቅ ወደቡ ቆመዋል። አስተላላፊው የዋጋውን ዝርዝር እስከ ቀትር ድረስ ካላገኘ ሰነዱ ለሰኞ ይተላለፋል፤ በመካከሉ ያሉት ቀኖችም የማቆያ ኪራይ ይቆጠርባቸዋል። ጸሐፊዋ ለንግድ ቤቱ ባለቤት ስልክ ደውላ «ጋሼ፣ ሰርቨሩ አልቀበልም አለኝ፤ የይለፍ ቃሌን ቀይራችሁብኛል ወይ?» ብላ ጠየቀች። ባለቤቱም «ማንም አልነካብሽም የኔ ልጅ፤ እዚህ ሁሉም እየሠራ ነው» አሏት። እውነትም በመርካቶው ቤት ያሉት ሦስት ጸሐፊዎች በዚያው ሰርቨር ያለ ችግር ይሠሩ ነበር። ነገሩን አስቸጋሪ ያደረገውም ይኸው ነው፤ ሰርቨሩ ደኅና ነው፣ መንገዱ ደኅና ነው፣ የይለፍ ቃሉም ደኅና ነው፤ ሆኖም በሩ ተዘግቷል።

እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ አስቀድሞ ማንበብ የሚገባው ማሽኑ ያወጣውን ጽሑፍ ነው። የይለፍ ቃል ስሕተት ቢሆን ኖሮ መስኮቱ `The logon attempt failed` ወይም `Your credentials did not work` ይል ነበር። መንገዱ ተቋርጦ ቢሆን ኖሮ ሰርቨሩን ማግኘት እንዳልቻለ ገልጦ ምክንያት ሊሆኑ የሚችሉትን ይዘረዝር ነበር። በዚህኛው ጽሑፍ ግን ሁለቱ ኮምፒዩተሮች ተገናኝተዋል፤ ከተገናኙ በኋላ ግን ጠሪው ማን እንደ ሆነ በሚረጋገጥበት አሠራር ላይ ሳይስማሙ ቀርተዋል። «የተጠየቀው ተግባር አይደገፍም» ማለት፣ አንደኛው ያቀረበውን የማረጋገጫ መንገድ ሌላኛው አልቀበልም አለ ማለት ነው።

ችግሩ የጽሑፉ የመጨረሻ መሥመር ነው። ማሽኑ «ከዚህ የተነሣ ሊሆን ይችላል» ሲል፣ የቸኮለ ሰው «ከዚህ የተነሣ ነው» ብሎ ያነብበዋል። የንግድ ቤቱ የኮምፒዩተር ባለሙያም በመጀመሪያ ያደረገው ይህንኑ ነው። መሥመሩ የሚያመለክተው በ2018 እ.ኤ.አ. የሆነውን ነገር ነው። በዚያ ዓመት መጋቢት 13 ቀን ማይክሮሶፍት፣ ሪሞት ዴስክቶፕ የይለፍ ቃልን ለሰርቨር የሚያስረክብበት ክሬድኤስኤስፒ የተባለው ክፍል ጉድለት እንዳለበት ገልጦ ማረሚያ አወጣ። ግንቦት 8 ቀን ባወጣው ሁለተኛ ማረሚያ ደግሞ፣ የታረመ ኮምፒዩተር ካልታረመ ሰርቨር ጋር እንዳይገናኝ በራሱ የሚከለክል ሆነ። በማግሥቱ በብዙ አገር እጅግ ብዙ ሰዎች ከሰርቨራቸው ውጭ ቀሩ። በዚያን ጊዜ ብዙዎች የተጠቀሙበት የመሸሻ መንገድ `AllowEncryptionOracle` የተባለውን ቅንብር ወደ 2 ማዞር ነበር፤ ይህም የታረመውን ጉድለት እንዳልታረመ አድርጎ የሚተው ነው።

ባለሙያው ከመርካቶ ሆኖ በስልክ እየመራ ይህንኑ ቅንብር በጸሐፊዋ ኮምፒዩተር ላይ አስደረገ። ምንም ለውጥ አላመጣም። ሊያመጣም አይችልም ነበር፤ የጸሐፊዋም ኮምፒዩተር ሰርቨሩም በየወሩ ማረሚያ የሚጫንባቸው ስለ ሆኑ የ2018ቱ ክርክር በመካከላቸው ከተፈታ ቆይቷል። ሁለቱ ኮምፒዩተሮች ከግንቦት 2018 እ.ኤ.አ. በኋላ የወጣ ማረሚያ ካላቸው፣ የመጨረሻውን መሥመር እንዳልተጻፈ ቆጥሮ ሌላ ምክንያት መፈለግ ይገባል። ባለሙያው ቅንብሩን ወደ ነበረበት መመለሱ የሚያስመሰግነው ነው፤ ብዙዎች የማይጠቅመውን ነገር ከሞከሩ በኋላ እንደ ተከፈተ ይተዉታልና።

ከዚህ በኋላ አንድ ዘመድ በስልክ የሰጠው ምክር መጣ፤ «ኤንኤልኤ የሚባለውን ምልክት አጥፋው፣ ይከፈትልሃል» የሚል። ይህ ምክር በየቦታው ስለሚሰማ ጥቂት ማብራሪያ ይገባዋል። ኤንኤልኤ፣ ማለት ኔትወርክ ሌቭል ኦተንቲኬሽን፣ ከዊንዶውስ ቪስታ ዘመን ጀምሮ የመጣ የበር ጥበቃ ነው። ከዚያ በፊት ማንም ሰው ወደ ሰርቨሩ ቢጠራ፣ ሰርቨሩ ገና ማንነቱን ሳያውቅ ሙሉውን የመግቢያ መስኮት ከፍቶ ያሳየው ነበር። ኤንኤልኤ ግን አስቀድሞ ማንነትህን አረጋግጥ፣ መስኮቱን ከዚያ በኋላ ታያለህ ይላል። ጥበቃው ከግቢው በር ላይ እንጂ ከዕቃ ቤቱ ውስጥ አይደለም። ግንቦት 2019 እ.ኤ.አ. ብሉኪፕ የተባለው ጉድለት በተገለጠ ጊዜ ይህ ልዩነት ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ታየ። ብሉኪፕ እንደ ዊንዶውስ 7ና ሰርቨር 2008 ባሉት የቆዩ ሲስተሞች ላይ የነበረ ጉድለት ሲሆን፣ አጥቂው ምንም የይለፍ ቃል ሳይኖረው እንዲገባ የሚያደርግ ነበር። ኤንኤልኤ በተከፈተበት ሰርቨር ግን አጥቂው አስቀድሞ እውነተኛ የይለፍ ቃል እንዲኖረው ግድ ይሆንበት ነበር።

ምልክቱን ማጥፋት መግቢያውን ሊከፍት እንደሚችል አይካድም። በሰርቨሩ ላይ ምልክቱ ከጠፋና በጸሐፊዋም የግንኙነት ፋይል ውስጥ `enablecredsspsupport:i:0` የሚል መሥመር ከተጻፈ፣ አስቀድሞ የሚደረገው ማረጋገጥ ይቀራል፤ የይለፍ ቃሉ በሰርቨሩ መስኮት ላይ ይጻፍና ሰርቨሩ ራሱ ጉዳዩን ይጨርሳል። ጽሑፉ ይጠፋል፣ ሥራውም ይሠራል። ነገር ግን ሁለቱ ኮምፒዩተሮች ያልተስማሙበት ምክንያት በቦታው እንዳለ ይቀራል፤ የግቢውም በር ክፍት ሆኖ ያድራል። ባለቤቱ ይህን በሰሙ ጊዜ «ቁልፉ እምቢ ሲል በሩን ነቅለህ ልታስቀምጥልኝ ነውን?» አሉ፤ ምክሩም በዚሁ ቀረ።

መጠየቅ የነበረበት ጥያቄ ሌላ ነው፤ በትናንትናውና በዛሬው መካከል ምን ተለወጠ? ይህ ሲጠየቅ ባለሙያው ሐሙስ ማታ ያደረገውን አስታወሰ። የንግድ ቤቱን የኮምፒዩተር አያያዝ የተመለከተ የውጭ መርማሪ ካቀረባቸው ማሳሰቢያዎች አንዱን ሊፈጽም፣ በሰርቨሩ የደኅንነት ቅንብሮች ውስጥ ገብቶ ይህን መሥመር ለውጦ ነበር፦

```
Network security: Restrict NTLM: Incoming NTLM traffic
Deny all accounts
```

ለውጡ ለምን የሞጆዋን ጸሐፊ ብቻ እንደ ነካ ለመረዳት፣ በዊንዶውስ ኔትወርክ ውስጥ ማንነት የሚረጋገጥባቸውን ሁለት መንገዶች ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛው ኤንቲኤልኤም የተባለው ነው፤ ከዊንዶውስ ኤንቲ ዘመን፣ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የነበረ አሮጌ መንገድ ነው። በዚህ መንገድ ሰርቨሩ ለጠሪው አንድ የጥያቄ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ጠሪው በይለፍ ቃሉ መሠረት መልሱን ያሰላና ይመልሳል፤ ሰርቨሩም መልሱ ልክ መሆኑን ከዋናው መዝገብ ያጣራል። ሁለተኛው ከርቤሮስ የተባለው ነው፤ ከዊንዶውስ 2000 ጀምሮ የኔትወርኩ ዋና መንገድ ሆኗል። በዚህኛው ጠሪው አስቀድሞ ወደ ዋናው የመዝገብ ሹም፣ ማለት ዶሜይን ኮንትሮለር ወደሚባለው ኮምፒዩተር ሄዶ ስሙን ያስመዘግብና ወደ ፈለገው ሰርቨር የሚያስገባውን የታሸገ ደብዳቤ ይቀበላል። ሰርቨሩም ማኅተሙን አይቶ ያስገባዋል።

ነጋዴ ይህን ከዕቃ ማውጫ ደብዳቤ ጋር ቢያነጻጽረው ይቀለዋል። ዕቃ ማውጫው ዕቃው የተቀመጠበትን መጋዘን በስሙ ጠርቶ ይጻፋል፤ የመጋዘኑ ስም ያልታወቀ እንደ ሆነ ጸሐፊው ደብዳቤውን ለማን ብሎ ይጽፈዋል? ከርቤሮስም እንዲሁ ነው። ሹሙ ደብዳቤውን የሚጽፈው `TERMSRV/` ብሎ የሰርቨሩን ስም ጨምሮ ነው። ጠሪው ግን ሰርቨሩን በስሙ ሳይሆን `192.168.10.15` ብሎ በቁጥር የጠራው እንደ ሆነ፣ በሹሙ መዝገብ ውስጥ በዚያ ቁጥር የተጻፈ ሰርቨር ስለሌለ ደብዳቤ አይጻፍም። በዚህ ጊዜ የጠሪው ኮምፒዩተር ምንም ሳይናገር ወደ አሮጌው መንገድ፣ ወደ ኤንቲኤልኤም ይመለሳል። እስከ ሐሙስ ማታ ድረስ በሞጆ የሆነው ይህ ነበር። ከአራት ዓመት በፊት ምልክቱን በጸሐፊዋ ኮምፒዩተር ላይ የተከለው ሰው የጻፈው ቁጥሩን ነበር፤ ሥራው ስለ ሄደለትም ማንም አልጠየቀም። ጸሐፊዋ በየጧቱ በአሮጌው መንገድ ስትገባ ኖራለች፤ ሐሙስ ማታ ያ መንገድ ተዘጋ። የመርካቶዎቹ ጸሐፊዎች ምልክት ግን የሰርቨሩን ስም የያዘ ስለ ነበረ በከርቤሮስ ይገቡ ነበር፤ ለውጡም አልነካቸውም።

ይህን በግምት ማመን አይገባም፤ ማረጋገጫው ቀላል ነውና። ባለሙያው በመርካቶ ከሚሠሩት ኮምፒዩተሮች በአንዱ ተቀምጦ ወደዚያው ሰርቨር አንድ ጊዜ በስሙ፣ አንድ ጊዜ በቁጥሩ ጠራ። በስሙ ሲጠራው ተከፈተ፤ በቁጥሩ ሲጠራው የሞጆው ጽሑፍ ከነመጨረሻው መሥመር ወጣ። ይህ ፈተና አንድ ደቂቃ አይወስድም፤ ከማናቸውም ሌላ ምርመራ ይልቅ ነገሩን ይለያል። ቀጥሎም በሰርቨሩ ላይ የቅንብሩን ዋጋ በትእዛዝ ጠየቀ፦

```
reg query HKLM\SYSTEM\CurrentControlSet\Control\Lsa\MSV1_0 /v RestrictReceivingNTLMTraffic
```

መልሱ `0x2` ሆነ፤ ይህም ሁሉም ተከልክሏል ማለት ነው። 0 ቢሆን ሁሉም ይፈቀዳል፤ 1 ቢሆን የዶሜይኑ ተጠቃሚዎች ብቻ ይከለከላሉ። የሰርቨሩ የሁኔታ መዝገብም በ `Microsoft\Windows\NTLM\Operational` ሥር የተከለከለውን ጥሪ 4002 በሚል ቁጥር ጽፎ ይዞ ነበር። ይህ መዝገብ ከጧት ጀምሮ እውነቱን ይዞ ሳለ ማንም አልከፈተውም።

እንግዲህ መፍትሔው አጭር ይመስላል፤ ቁጥሩን አጥፍቶ ስሙን መጻፍ ነው። ጸሐፊዋም በ `mstsc` መስኮት ውስጥ `hisab.nigdbet.local` ብላ ጻፈች። ስሙ ለምሳሌ የተሰጠ ነው፤ አንባቢው በራሱ ቤት ስም ይተካው። ነገር ግን አሁን ደግሞ ኮምፒዩተሩ ያንን ስም ጨርሶ አላውቀውም አለ። የሞጆው ኮምፒዩተር ስሞችን የሚጠይቀው የኢንተርኔት አቅራቢውን የስም መዝገብ ነበርና፣ የንግድ ቤቱ የውስጥ ስም በዚያ አይገኝም።

ባለሙያው በዚህ ጊዜ ብዙዎች የሚሠሩትን ሠራ፤ በኮምፒዩተሯ ውስጥ ባለው `hosts` በተባለው ፋይል ስሙንና ቁጥሩን ጎን ለጎን አስጻፋት። አሁን ስሙ ታወቀ፤ መስኮቱ ግን ያንኑ የጧቱን ጽሑፍ መለሰ። ስሙ ወደ ሰርቨሩ የሚወስደውን መንገድ አገኘ እንጂ፣ ደብዳቤውን የሚጽፈው ሹም የት እንዳለ አላወቀም። የከርቤሮስ ሹም የሚገኘው ከኔትወርኩ የስም መዝገብ ውስጥ በልዩ መሥመር ተጽፎ ነው፤ ያንን `hosts` ሊተካው አይችልም። ሹሙ ካልተገኘ ደብዳቤ የለም፤ ደብዳቤ ከሌለ ኮምፒዩተሩ እንደ ገና ወደ ተዘጋው መንገድ ይመለሳል። በስም ጠርቶ ያልተሳካለት ሰው ምክንያቱ ስሙ አይደለም ብሎ ተስፋ የሚቆርጠውና ወደ ኤንኤልኤው ምልክት የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው።

የሞጆው ቪፒኤን ሲዘረጋ የተሰጠው ፈቃድ ጠባብ ነበር። ሪሞት ዴስክቶፕ ወደሚሠራበት ወደ ሰርቨሩ 3389 ወደብ ብቻ እንዲያልፍ ተደርጎ፣ ሌላው ሁሉ ተዘግቶ ነበር። ለአሮጌው መንገድ ይህ ይበቃ ነበር፤ በኤንቲኤልኤም መልሱን የሚያጣራው ሰርቨሩ ራሱ ስለ ሆነ ጸሐፊዋ ከሹሙ ጋር መነጋገር አያስፈልጋትም። በከርቤሮስ ግን ወደ ሹሙ የምትሄደው እርሷ ናት። ስለዚህ ከሞጆ ወደ ዶሜይን ኮንትሮለሩ ሦስት መንገዶች ተከፈቱ፤ ለስም ጥያቄ 53፣ ለከርቤሮስ 88፣ ሹሙን ፈልጎ ለማግኘት 389። ቪፒኤኑም ሲገናኝ የንግድ ቤቱን የስም መዝገብ እንዲሰጣት ተደረገ፤ በ `hosts` የተጻፈውም ተፋቀ። ከዚያም ጸሐፊዋ እነዚህን ሁለት ትእዛዞች በየተራ አስገባች፦

```
nslookup -type=SRV _kerberos._tcp.nigdbet.local
klist get TERMSRV/hisab.nigdbet.local
```

የመጀመሪያው ሹሙ የሚገኝበትን ኮምፒዩተር ስም መለሰ፤ ሁለተኛው ደብዳቤው መሰጠቱን አሳየ። የመጀመሪያው መልስ ካላመጣ ጉድለቱ በስም መዝገቡ ነው። የመጀመሪያው መልሶ ሁለተኛው ከወደቀ ወይ የ88 መንገድ አልተከፈተም፣ ወይ የሰርቨሩ ስም ተሳስቷል። ሁለቱም ከመለሱ ግን መስኮቱ ይከፈታል። በሞጆ ተከፈተ፤ ሰዓቱም ከቀኑ 5 ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር፤ የዋጋው ዝርዝር ለአስተላላፊው ደረሰ።

ከዚህ ጋር የሚነሣ አንድ ትንሽ ነገር አለ። ከርቤሮስ በደብዳቤው ላይ ሰዓት ይጽፋል፤ በሁለቱ ኮምፒዩተሮች ሰዓት መካከል ያለው ልዩነት እንደ ተለመደው ቅንብር ከ5 ደቂቃ እንዳይበልጥ ይፈልጋል። በአገራችን የኮምፒዩተራቸውን ሰዓት በሐበሻ አቆጣጠር ለማየት ሲሉ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ የሚመልሱ ሰዎች አሉ። የዚህ ምልክት የተለየ ነው፤ መስኮቱ የሰዓት ወይም የቀን ልዩነት እንዳለ በግልጥ ይናገራል። ሰዓቱን ለአዲስ አበባ በተመደበው የዓለም አቆጣጠር መተው ይገባል።

የባለቤቱ የራሳቸው ኮምፒዩተር ነገር ደግሞ ሌላ ነበር። ከቤታቸው ሆነው ማታ ማታ ሒሳቡን የሚያዩበት ኮምፒዩተር የግላቸው ስለ ሆነ በንግድ ቤቱ ዶሜይን አልተመዘገበም፤ የተጠቃሚውንም ስም ሲጽፉ አጭሩን ብቻ ይጽፉ ነበር። እንዲህ ያለ ኮምፒዩተር የትኛውን ሹም እንደሚጠይቅ የሚያውቀው ከስሙ ስለ ሆነ፣ የተጠቃሚው ስም ከነዶሜይኑ፣ ለምሳሌ `balebet@nigdbet.local` ተብሎ ሊጻፍ ይገባል። ቪፒኤኑም ለሞጆው እንደ ተደረገው ወደ ሹሙ መንገድ ሊሰጠው ይገባል። ሁለቱ ሲሟሉ የእርሳቸውም መስኮት ተከፈተ።

አንድ ያልተፈታ ነገር ግን አለ፤ ይኸውም በሰርቨሩ ላይ ብቻ የተመዘገበው የድንገተኛ ጊዜ አስተዳዳሪ ነው። እንዲህ ያለ ተጠቃሚ ስሙ በሹሙ መዝገብ ስለሌለ በከርቤሮስ ሊገባ አይችልም። ሁሉም ተከልክሏል በሚለው ቅንብር ከሩቅ መግባት ጨርሶ ይቀርበታል። ዶሜይን ኮንትሮለሩ የተበላሸ ዕለት ባለሙያው ወደ ሰርቨሩ የሚገባው በዚሁ ስም ስለ ሆነ ነገሩ ቀላል አይደለም። `Deny all domain accounts` የሚለው መካከለኛ ምርጫ ለእንዲህ ያለው ሰው አሮጌውን መንገድ ይተውለታል፤ ጥበቃውም በዚያው መጠን ይላላል። በዚህ ንግድ ቤት ሰርቨሩ በመርካቶው ፎቅ ላይ ስለ ሆነና ሰው በእግሩ ሄዶ በፊቱ ሊቀመጥበት ስለሚችል ጥብቁ ምርጫ ጸና። ሰርቨሩ በሌላ ከተማ ወይም በሌላ አገር የተከራየ ለሆነ ሰው ግን ይህን ቅንብር ሳይነካ በፊት ሰርቨሩን ያለ ሪሞት ዴስክቶፕ የሚያይበት ሌላ መንገድ መኖሩን ማረጋገጥ አለበት፤ አለዚያ የለወጠውን መልሶ የሚለውጥበት በር አይኖረውም።

የመርማሪው ማሳሰቢያ ስሕተት አልነበረም። ኤንቲኤልኤም በጊዜ ብዛት ብዙ ድካም የተገኘበት መንገድ ነው፤ ማይክሮሶፍትም በ2024 እ.ኤ.አ. ከማይሻሻሉና ወደ ፊት ከሚቀሩ ነገሮች ዝርዝር ውስጥ አግብቶታል። ስለዚህ ዛሬ ሰርቨሩን በቁጥር የሚጠራ ሁሉ ውሎ አድሮ ይህ ጽሑፍ ይወጣበታል። ስሕተቱ የተደረገው በቅደም ተከተሉ ነው። ከመከልከል በፊት መቁጠር ይቻል ነበር፤ በዚያው የቅንብር ዝርዝር ውስጥ `Network security: Restrict NTLM: Audit Incoming NTLM Traffic` የሚል ሌላ መሥመር አለ። እርሱ ለሁሉም ተጠቃሚ ቢከፈት ማንንም ሳይከለክል፣ በአሮጌው መንገድ የሚገባውን ጥሪ ሁሉ 8002 በሚል ቁጥር ይመዘግባል። ለሁለት ሳምንት ወይም ለአንድ ወር ያህል፣ የወሩን መዝጊያ ጨምሮ፣ ቢጠበቅ የሞጆዋ ጸሐፊ ጥሪ በየጧቱ በመዝገቡ ላይ ይታይ ነበር። ለቁጥሩም ደብዳቤ እንዲጻፍ ማድረግ ይቻላል የሚሉ አሉ፤ በዊንዶውስ 10ና ከዚያ በኋላ በመጡት ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ቁጥሩን በሹሙ መዝገብ በእጅ መጻፍን፣ በየጠሪው ኮምፒዩተር ላይም ቅንብር መለወጥን ይጠይቃል፤ ቁጥሩ በተለወጠ ቁጥርም ይፈርሳል። ስም መጻፍ እያለ ለምን ይደከማል?

ባለሙያው በሰኞ ዕለት የሰርቨሩን መዝገብ ከዓርብ ጀምሮ ባነበበ ጊዜ ሌላ ተደጋጋሚ 4002 አገኘ። የመርካቶው ቤት የሰነድ መቅጃ መሣሪያ የተቀዳውን ወረቀት በሰርቨሩ ላይ ወዳለ የጋራ ማኅደር ሲልክ በአሮጌው መንገድ ይገባ ኖሯል። ከዓርብ ጧት ጀምሮም የተቀዳ የባንክ ሰነድ አንድም አልገባም፤ መሣሪያው ግን ወረቀቱን እየተቀበለ ያሳልፍ ስለ ነበር ማንም አላስተዋለም። መሣሪያው አሮጌ ሆኖ ከርቤሮስን ስለማያውቅ፣ የቀዳውን በኢሜይል እንዲልክ ተደረገ፤ የጠፉት የሁለት ቀን ሰነዶችም ከፋይሉ ወጥተው እንደ ገና ተቀዱ።